ወርቅ ሽቅብ ሲገሰግስ፦ ስቶፑን ከስዊንግ ሎው ሥር እያስከተሉ መቆየት ወይስ በተወሰነ ዒላማ መውጣት

ኤፕሪል 22 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ወርቅ 3,500 ዶላርን ነክቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ ከዚያ ጣሪያ ሥር ከፍ ዝቅ ሲል ቆየና በሴፕቴምበር መጀመሪያ ጥሶ ወጣ። ኦክቶበር 8 ቀን ከ4,000 በላይ ነበር። ኦክቶበር 20 ቀን 4,381 ገደማ ደረሰ፤ በማግስቱ በአንድ ቀን ከአምስት በመቶ በላይ ወረደ። ጠንካራ ትሬንድ ሲነሳ እንዴት እንደሚወጣ ለመማር ከዚህ የተሻለ ቻርት በቅርብ ዓመታት አልታየም። መነሻው፣ እርምጃዎቹና አወዳደቁ በግልጽ ይታያሉና። ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ በዚሁ ጉዞ ላይ የተሠራ ነው። ዋጋው ከብሮከር ብሮከር በጥቂት ዶላር ስለሚለያይ አሃዞቹን በግምት ያዙልኝ። ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻርቱ XAUUSD በአራት ሰዓት ካንድል ነው። መግቢያው ወርቅ የቀኑን ካንድል ከ3,500 በላይ ከዘጋ በኋላ 3,540 ላይ እንበል። የመጀመሪያው ስቶፕ ሎስ ከተጣሰው ጣሪያ ወረድ ብሎ 3,450 ላይ ይቀመጣል። በመግቢያውና በስቶፑ መካከል 90 ዶላር አለ። ይህን በአንድ ንግድ ለማጣት የተዘጋጀንበትን ርቀት አንድ አር እንበለው፤ ከዚህ በኋላ ትርፍም ሆነ ኪሳራ የሚለካው በእሱ ነው።

በተወሰነ ዒላማ የሚወጣው ነጋዴ ሥራው እዚህ ያበቃል። ዒላማው ሁለት አር ከሆነ ቴክ ፕሮፊቱን 3,720 ላይ አስቀምጦ ይተወዋል። በሴፕቴምበር ሦስተኛው ሳምንት ካለፈ በኋላ ዋጋው እዚያ ደርሷል። ሦስት አር ማለትም 3,810 ደግሞ በወሩ መጨረሻ ተነክቷል። ሁለቱም ጥሩ ንግዶች ናቸው፤ ማንም ሊያፍርባቸው አይገባም። ነገር ግን ጉዞው እስከ 4,381 ሄዷል። ይህ ከመግቢያው 840 ዶላር ገደማ፣ ዘጠኝ አር ከሩብ በላይ ነው።

ስቶፑን የሚያስከትለው ነጋዴ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉን ይዞ ይወጣል? መልሱ በአንድ ነገር ላይ ይንጠለጠላል፤ ስቶፑ መቼ ይነሳል በሚለው ሕግ ላይ። ብዙ ሰው ትሬይሊንግ ስቶፕ ሞክሮ «አይሠራም» የሚለው ሕጉ ስለሚላላበት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ።

የስቶፑ ማንሻ ሕግ

ስዊንግ ሎው የምለው፣ ዝቅተኛ ዋጋው በግራው ካሉት ሦስት ካንድሎችም በቀኙ ካሉት ሦስት ካንድሎችም የሚያንስ ካንድልን ነው። በአራት ሰዓት ቻርት ላይ ይህ ማለት ዝቅታው ከተፈጠረ 12 ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ ስዊንግ ሎው መሆኑን ማንም አያውቅም ማለት ነው። ቻርቱን ወደ ኋላ ሄዶ ለሚያይ ሰው ዝቅታው ወለል ብሎ ይታያል፤ በሰዓቱ የነበረው ነጋዴ ግን አላየውም። በትሬዲንግቪው የሚከተለው አጭር ኮድ ምልክቱን ያስቀምጣል፦

```
//@version=5
indicator("Swing low", overlay=true)
pl = ta.pivotlow(low, 3, 3)
plotshape(not na(pl), style=shape.triangleup,
     location=location.belowbar, offset=-3)
```

የመጨረሻውን `offset=-3` ልብ በሉ። ምልክቱ ሦስት ካንድል ወደ ኋላ ተስቦ በዝቅታው ሥር ይቀመጣል፤ የተወለደው ግን ከሦስት ካንድል በኋላ ነው። ያለፈውን ቻርት እየገለጡ ዘዴውን ሲፈትኑ ስቶፑን ምልክቱ ባለበት ካንድል ላይ ካነሳችሁት ያላወቃችሁትን ነገር እንዳወቃችሁ ቆጥራችኋል፤ ውጤታችሁም ከእውነቱ ያማረ ይሆናል። ፈተናው ላይ ስቶፑ የሚነሳው ከምልክቱ ሦስት ካንድል በስተቀኝ ነው።

ሦስት ካንድል ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ፣ ከዚህ ዝቅታ የተነሳው ዋጋ ከዝቅታው በፊት ከነበረው ከፍታ በላይ ካንድል መዝጋት አለበት። ይህ እስኪሆን ድረስ ስቶፑ ባለበት ይቆያል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ዋጋ ከከፍታው ሲመለስ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ትንሽ ይወርዳል፣ ለአንድ ቀን ያህል ይነሳል፣ ደግሞ ይወርዳል። በመካከል የተፈጠረችው ዝቅታ ግራና ቀኟን ሦስት ሦስት ካንድል ታሟላለች፤ ነገር ግን እርማቱ ገና አላለቀም። ስቶፑን ከእሷ ሥር ያስጠጋ ሰው በሚቀጥለው ማዕበል ይጠረግና ትሬንዱ ያለ እሱ ይቀጥላል። ዋጋው አዲስ ከፍታ ላይ ሲዘጋ ግን ያቺ ዝቅታ የእርማቱ ታች እንደነበረች ገበያው ራሱ አረጋግጧል። ከእንግዲህ ዋጋው ከእሷ በታች ከወረደ፣ ከፍ ያለ ዝቅታ እየሠራ መውጣቱን አቁሟል ማለት ነው፤ ለመውጣት የሚያበቃው ምክንያትም ይኸው ነው።

ስቶፑ ዝቅታው ላይ ሳይሆን ከዝቅታው በታች ክፍተት ተሰጥቶት ይቀመጣል። መግዛት ላይ ያለ ንግድ ስቶፑ የሚነካው በመሸጫው ዋጋ ማለትም በቢድ ነው። ስፕሬድ ማለትም በመግዣውና በመሸጫው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ ቢድ ወደ ታች ይለጠጣል፤ በተለይ የወርቅ ገበያ በየቀኑ ዘግቶ በሚከፈትበት ሰዓትና ትልቅ ዜና በሚወጣበት ደቂቃ። በዚያ ላይ የብዙ ሰው ስቶፕ ልክ ከዝቅታው ሥር ስለሚሰበሰብ ዋጋ ዝቅታውን በጥቂት ዶላር ወጋ አድርጎ መመለሱ የተለመደ ነው። እኔ የምሰጠው ክፍተት ከአራት ሰዓቱ ኤቲአር ግማሽ ነው፤ ኤቲአር የካንድሎች አማካይ የዋጋ ስፋት ሲሆን እዚህ የሚቆጥረው 14 ካንድል ነው። ኤቲአሩ 30 ዶላር ከሆነ ክፍተቱ 15 ዶላር ይሆናል። ስሌቱ እንዳይወሳሰብ ከዚህ በታች ሁሉንም በ15 ዶላር ሠርቼዋለሁ። በእርግጥ በኦክቶበር አጋማሽ ገበያው ሲጦዝ ኤቲአሩ ከዚህ ይበልጥ ስለነበር ክፍተቱም መስፋት ነበረበት።

አሁን ወደ ወርቁ እንመለስ፤ ዋና ዋናዎቹን እርምጃዎች ብቻ ልጥቀስ። ሴፕቴምበር 17 ቀን የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ ወለድ ሲቀንስ ዋጋው 3,707 ነካና በማግስቱ 3,628 ገደማ ወረደ። በቀጣዩ ሳምንት መጀመሪያ ከ3,707 በላይ ሲዘጋ ዝቅታው ተረጋገጠ፤ ስቶፑ ወደ 3,613 ወጣ። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ንግዱ ሊከስር አይችልም ነበር ማለት ይቻላል፤ ዋጋ ዘሎ ካልከፈተ በቀር። ኦክቶበር 2 ቀን ከ3,896 ወደ 3,819 ተመለሰ፤ ከፍታው ሲጣስ ስቶፑ 3,804 ደረሰ። 4,000ን ካለፈ በኋላ ከ4,059 ወደ 3,944 ገደማ ወረደ፤ ደግሞ አዲስ ከፍታ ሠራና ስቶፑ 3,929 ሆነ። ኦክቶበር 14 ቀን ከ4,179 ወደ 4,090 ገደማ የተደረገው እርማት ስቶፑን 4,075 አደረሰው።

የመጨረሻው እርምጃ ቆም ተብሎ የሚታይ ነው። ዓርብ ኦክቶበር 17 ቀን ወርቅ 4,379 ገደማ ነካና በዚያው ቀን 4,186 አካባቢ ወረደ። ሰኞ ተነስቶ 4,381 ነካ። ከዓርቡ ጫፍ የበለጠው በሁለት ወይም በሦስት ዶላር ብቻ ነበር፤ ቀኑንም የዘጋው ከዚያ ጫፍ በታች ነው። «ጫፉ ከተነካ ይበቃል» የሚል ነጋዴ ስቶፑን ወደ 4,171 ያነሳል። «መዝጋት አለበት» የሚለው ስቶፑን 4,075 ላይ ይተወዋል። ማክሰኞ ዋጋው ሲናድ የመጀመሪያው 4,171 ላይ ወጣ፤ ይህ ሰባት አር ነው። ሁለተኛው በዚያው ውድቀት ውስጥ 4,075 ላይ ወጣ፤ ይህ ወደ ስድስት አር ይጠጋል። እንደዚያ ባለ ፈጣን ውድቀት ትዕዛዙ ከተጻፈው ዋጋ በጥቂት ዶላር ዝቅ ብሎ ሊፈጸም ስለሚችል ሁለቱም ከዚህ ትንሽ ያነሰ ይዘው ይወጣሉ።

በዚህ ጊዜ «መነካት ይበቃል» ያለው በአንድ አር ገደማ አሸንፏል። ሕጉን ለመቀየር ግን ይህ አይበቃም። በጉዞው መካከል ያለው ነገር ተቃራኒ ነው፤ ጫፍን በጥቂት ዶላር ወግቶ ተመልሶ ወርዶ እንደገና የሚነሳ እርማት ብዙ ነው፤ በዚያ ላይ የሚጠረገው ስቶፑን ቶሎ ያነሳው ሰው ነው። እኔ መዝጊያን የምመርጠው ከመጨረሻው ጫፍ ላይ አንድ አር ከማትረፍ ይልቅ በመካከሉ ሁለት ጊዜ ከመውጣት መዳን ስለሚበልጥብኝ ነው። ሌላው ሰው በሌላ መንገድ ሊመዝነው ይችላል፤ ዋናው፣ ሕጉ ከመግባት በፊት ተጽፎ ይቀመጥ፤ በንግዱ መካከል አይቀየር።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በዚህ ዘዴ ከጫፍ ላይ መውጣት የለም። በ4,381 ላይ በስክሪኑ የሚታየው ትርፍ ከዘጠኝ አር በላይ ነበር፤ በእጅ የገባው ስድስት ወይም ሰባት ነው። ሁለት ሦስት አር ተመልሶ መሄዱ የዘዴው ዋጋ ነው፤ ጉድለቱ አይደለም። ያንን ለማዳን ስቶፑን ያጠበበ ሰው 3,707 ላይ፣ ቢበዛ 3,896 ላይ ይወጣ ነበር።

ለምን ብዙ ሰው ከዚህ ዘዴ ያነሰ ያገኛል

ሁለቱን ዘዴዎች በአንድ ንግድ ማወዳደር ያሳስታል፤ የመረጥነው ጠንካራ ትሬንድ ነውና ማስከተል ማሸነፉ አይቀርም። ስለዚህ በ50 ንግድ እንያቸው። አሃዙ ለስሌት ያህል የተወሰደ ነው፤ የማንም ውጤት አይደለም። በሁለት አር ዒላማ የሚወጣው ከመቶ 45 ጊዜ ያሸንፋል እንበል። በ50 ንግድ ውስጥ ያለው አማካይ ለአንድ ንግድ 0.35 አር ነው፤ ድምሩ 17.5 አር። ስቶፑን የሚያስከትለው ግን ብዙ ንግዶቹ ትንሽ ትርፍ አሳይተው ስለሚመለሱበት ከመቶ 32 ጊዜ ብቻ ያሸንፋል፤ በአማካይ በ3.8 አር። 16ቱ አሸናፊዎች 60.8 አር ያመጣሉ፤ 34ቱ ተሸናፊዎች 34 አር ይወስዳሉ፤ የተረፈው 26.8 አር ነው።

ማስከተል በለጠ። ነገር ግን ከ16ቱ አሸናፊዎች ውስጥ ሁለቱ እንደ ወርቁ ዓይነት ትልልቅ ነበሩ እንበል፤ አንዱ ዘጠኝ ሌላው ስምንት አር ያመጡ። ነጋዴው እነዚያን ሁለት ንግዶች አምልጠውት ቢሆን ወይም «በቃኝ» ብሎ መጀመሪያ ላይ ዘግቷቸው ምንም ያህል ባያተርፍባቸው፣ ከ26.8 ላይ 17 ሲቀነስ የሚቀረው 9.8 አር ነው። ይህ በተወሰነ ዒላማ ከሚወጣው በእጅጉ ያነሰ ነው። የማስከተል ጥቅሙ በሙሉ በጥቂት ንግዶች ላይ የተከመረ ነው፤ እነዚያን በእጁ የሚዘጋ ሰው የዘዴውን ኪሳራ ተቀብሎ ትርፉን ለሌላ ትቷል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ራሱን ካወቀ በሁለት አር ዒላማ ቢሠራ ይሻለዋል፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። 34 ጊዜ ተሸንፎ 35ኛውን ንግድ ልክ እንደ መጀመሪያው መያዝ ለሁሉም ሰው የሚሆን ነገር አይደለም።

በዒላማ የሚወጡ ሰዎች «ወጥቼ እንደገና እገባለሁ» ይላሉ። ይቻላል፤ አንዳንዱም በደንብ ያደርገዋል። ነገር ግን እንደገና የሚገባው ሰው 3,720 ላይ ወጥቶ በሚቀጥለው እርማት ከ3,800 በላይ ሲገባ አዲስ ስቶፕ፣ አዲስ አደጋ ይዞ ነው። አስቀድሞ ከ3,540 የገባው ሰው ስቶፑ በትርፍ ውስጥ ነው፤ አዲስ የገባው ሙሉ አንድ አር አደጋ ላይ ጥሏል። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ደግሞ ሰው ከሸጠበት ዋጋ በላይ መግዛት እጁን ስለሚይዘው ሳይገባ መቅረቱ ነው።

መቼ ላለማስከተል

ከኤፕሪል እስከ ኦገስት 2025 በነበረው የወርቅ ገበያ ላይ ይህን ዘዴ ብትሞክሩት ደግማችሁ ደጋግማችሁ ትከስራላችሁ። ዋጋ ወደ ጣሪያው ይጠጋል፣ ስዊንግ ሎው ይሠራል፣ ስቶፑ ይነሳል፣ ከዚያ ዋጋው ተመልሶ ይጠርገዋል። በእንደዚያ ዓይነት ሳጥን ውስጥ በዒላማ የሚወጣ ሰው ከጣሪያው ሥር ሸጦ ይወጣል፤ ዘዴው ለዚያ የተሠራ ነው። ኦክቶበር መጨረሻ ላይም ከውድቀቱ በኋላ ወርቅ እንደገና ሰፊ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ነበር።

እንግዲህ ትሬንዱ ጠንካራ መሆኑን በምን እናውቃለን? በቅድሚያ ዋጋው ለረጅም ጊዜ ከታገደበት ጣሪያ በላይ ቀኑን መዝጋት አለበት፤ በወርቁ ይህ 3,500 ነበር። ቀጥሎ የእርማቱን ጥልቀት እለካለሁ። ከ3,511 ገደማ ተነስቶ 3,707 የደረሰው እርምጃ 196 ዶላር ነው፤ የተመለሰው 79 ዶላር፤ ይህ አርባ በመቶ ነው። እርማቶቹ ከእርምጃው ግማሽ በታች እየሆኑ ሲቀጥሉ ማስከተል ቦታው ነው። ሁለት እርማት ተከታትሎ ከግማሽ በላይ ሲመለስ ግን ጉዞው ደክሟል፤ በሚቀጥለው ከፍታ ላይ በዒላማ ብወጣ እመርጣለሁ። ይህን የምታዩት ከገባችሁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ያለው ውሳኔ ሁልጊዜ ግምት አለበት።

ዋጋው ከስቶፑ ሲርቅ

ትሬንዱ በጣም ሲጠነክር ሌላ ችግር ይመጣል። እርማቶቹ ትንሽና አጭር ይሆናሉ፤ ዋጋው ሽቅብ ይሄዳል፤ የተረጋገጠው ዝቅታ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ኦክቶበር 20 ቀን ዋጋው 4,381 ሲሆን በመዝጊያ ሕግ ስቶፑ 4,075 ላይ ነበር፤ መካከላቸው 306 ዶላር፣ ሦስት አር ከግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወደ 15 ደቂቃ ቻርት ወርዶ ስቶፑን በሙሉ ያጠብቃል። ያ ትሬንዱን መያዝ ማቆም ነው፤ በ15 ደቂቃ ላይ ዝቅታ በየሰዓቱ ይሰበራልና።

የተሻለው ንግዱን መክፈል ነው። ርቀቱ ከሦስት አር ሲበልጥ አንድ ሦስተኛውን በገበያ ዋጋ መሸጥ፣ ቀሪውን በነበረበት ሕግ መተው። በወርቁ ላይ ይህ ሕግ የተሸጠውን ክፍል ከ4,300 በላይ ያወጣው ነበር። ሌላው መንገድ መጀመሪያውኑ አንድ ሦስተኛውን ሁለት አር ላይ መሸጥና የቀረውን ማስከተል ነው። በዚህ ንግድ ላይ ስሌቱ፣ አንድ ሦስተኛው ሁለት አር፣ ሁለት ሦስተኛው ሰባት አር ቢያመጣ ድምሩ 5.3 አር ገደማ ይሆናል። ከሙሉው ማስከተል ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ትንሽ የሄዱና የተመለሱ ንግዶች ላይ ኪሳራውን ያቀልላል፤ ሰውም ቀሪውን በጸጥታ ለመያዝ ይቀለዋል።

የሎቱ ችግር

እዚህ ላይ በአነስተኛ ሂሳብ የሚሠራ ሰው የሚጋጭበት ግድግዳ አለ። በአብዛኛው ብሮከር አንድ ሎት ወርቅ 100 አውንስ ነው፤ ስለዚህ ትንሹ 0.01 ሎት አንድ አውንስ ይሆናል። ስቶፑ 90 ዶላር ከራቀ በ0.01 ሎት ያለው አደጋ 90 ዶላር ነው። ከሂሳቡ አንድ በመቶ ብቻ ለማጋለጥ 9,000 ዶላር ያስፈልጋል። ንግዱን በሦስት ለመክፈል ደግሞ ቢያንስ 0.03 ሎት መያዝ አለበት፤ ያ 270 ዶላር አደጋና 27,000 ዶላር ሂሳብ ነው። 1,000 ዶላር ያለው ሰው ይህን ንግድ በ0.01 ቢገባ እንኳ በአንድ ስቶፕ ዘጠኝ በመቶ ያጣል፤ በተከታታይ ስድስት ጊዜ መሸነፍ ደግሞ ስቶፕ በማስከተል ሥራ ውስጥ የተለመደ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሂሳብ ያለው ምርጫ ወይ በአንድ ሰዓት ቻርት በጠበበ ስቶፕ መሥራት ነው፣ ወይ ሎቱ ከዚህ ያነሰ የሆነበት የሴንት ሂሳብ መክፈት ነው። በአንድ ሰዓት ቻርት ሕጉ ያው ነው፤ ግን ዝቅታዎቹ ስለሚበዙ ጉዞውን እስከ መጨረሻ የመያዝ ዕድል ያንሳል፤ የስፕሬዱ ድርሻም በአር ሲለካ ይበልጣል። ስቶፑ 20 ዶላር ሲሆን የ40 ሳንቲም ስፕሬድ የአሩ ሁለት በመቶ ነው፤ ስቶፑ 90 ሲሆን ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ስዋፕም አለ፤ ንግዱ ሌሊቱን ሲያድር ብሮከሩ የሚያስከፍለው ነው። ከሴፕቴምበር 3 እስከ ኦክቶበር 21 ድረስ 48 ሌሊት ነው። ብሮከራችሁ ለ0.01 ሎት በሌሊት 40 ሳንቲም ቢያስከፍል ድምሩ 19 ዶላር ገደማ፣ ከአንድ አር አንድ አምስተኛ ይሆናል። በMetaTrader 5 ላይ ዋጋውን ከምልክቱ `Specification` ውስጥ `Swap long` በሚለው መስመር ታገኙታላችሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜ ረቡዕ፣ ሦስት እጥፍ እንደሚቆጠርም እዚያው ተጽፏል። በዒላማ የሚወጣው ሰው ቶሎ ስለሚወጣ ይህን ወጪ ብዙም አያየውም።

በእጅ ማንሳት፣ በሰዓቱ

በMetaTrader ውስጥ ንግዱን በቀኝ ቁልፍ ስትጫኑ `Trailing Stop` የሚል ምርጫ ይመጣል። ለዚህ ዘዴ አትጠቀሙበት። አንደኛ፣ የሚከተለው ዋጋውን በተወሰነ የፖይንት ርቀት ነው፤ ስዊንግ ሎው የት እንዳለ አያውቅም። ሁለተኛ፣ የሚሠራው በኮምፒውተራችሁ ላይ ባለው ፕሮግራም እንጂ በብሮከሩ ሰርቨር ላይ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስቶፑ በመጨረሻ በደረሰበት ይቆማል፤ አይከተልም። በ`Modify or Delete` ገብታችሁ የጻፋችሁት `Stop Loss` ግን ሰርቨሩ ላይ ስለሚቀመጥ ስልኩም ኮምፒውተሩም ቢጠፋ ይሠራል። ስዊንግ ሎውን የሚከተል ሰው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሚያነሳው በእጅ መሥራቱ አይከብድም።

የሚታየው ካንድሉ ሲዘጋ ነው። የብዙ ብሮከሮች ሰርቨር በበጋ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ ይህ ከአዲስ አበባ ሰዓት ጋር እኩል ነው። በዚያ ወቅት የአራት ሰዓት ካንድሎች የሚዘጉት በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ቀን 10 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት፣ ሌሊት 6 ሰዓትና ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው። ሰርቨሩ በክረምት ወደ ሁለት ሰዓት ሲመለስ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይዘገያል፤ የቀኑ ካንድልም ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ይዘጋል። በጋና ክረምት የምለው የአውሮፓንና የአሜሪካንን ነው። ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ሁለት ጊዜ ማየት ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሌሊት የተረጋገጠ ዝቅታ እስከ ጠዋት ቢቆይ የሚጎዳው በጣም ጥቂት ነው፤ በየደቂቃው ቻርቱን የሚያይ ሰው ግን ስቶፑን ያለ ሕግ መነካካቱ አይቀርም።

ስታነሱ የሚከተለውን ጻፉ፤ የዝቅታውን ዋጋና ሰዓት፣ የተጣሰውን ከፍታ፣ የዘጋውን ካንድል፣ የሰጣችሁትን ክፍተት። አራቱ ካልተሟሉ ስቶፑ አይነሳም። ከንግዱ ከወጣችሁ በኋላ መዝገቡን ስትገልጡ እያንዳንዷ የስቶፕ እርምጃ ከተጻፈ ምክንያት ጋር ከተገኘች፣ ውጤቱ ሰባት አርም ሆነ ግማሽ፣ ዘዴው ነው ያወጣችሁ። ከአራቱ አንዱ ጎድሎ የተነሳ ስቶፕ ካለ ደግሞ ያ ንግድ ለብቻው ይቆጠር፤ ከዘዴው ውጤት ጋር አይደባለቅ።

ዓርብ ማታ ገበያው ከመዘጋቱ በፊት ስቶፑ በትክክል ሰርቨሩ ላይ መቀመጡን ከስልክ አረጋግጡ። ሰኞ ዋጋው ከስቶፑ በታች ዘሎ ከከፈተ የሚፈጸመው በተጻፈው ዋጋ ሳይሆን በመጀመሪያ በሚገኘው ዋጋ ነው። ቅዳሜና እሁድን የሚያሰጋ ነገር ካለ መፍትሔው ስቶፑን ማጥበብ ሳይሆን ሎቱን መቀነስ ነው።